ለአመራር 9,000 ብር ምን ይገዛበታል?

«የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ ሚዛናዊ እንዲሆን በጀቱ ለአራቱም ዐቢይ ጉዳዮች፣ ማለትም ለመማር ማስተማር፣ ለምቹ የትምህርት አካባቢ፣ ለአመራርና ለኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ እኩል ይከፈል» የሚሉ አሉ።

ለማካፈልማ ካልኩሌተር ይበቃል። መንዝ ውስጥ 420 ተማሪ ያለው፣ ለዓመቱ 36,000 ብር በእጁ የገባለት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ዐቢይ ጉዳይ 9,000 ብር ይደርሳል። የአመራሩ ድርሻ ምን ይገዛበታል? የመምህራንን መገኘት በየቀኑ መከታተልም ሆነ ክፍል ገብቶ ትምህርት መታዘብ ብር አይጠይቅም። መስመሩ ባዶ እንዳይሆን ግን «የአቅም ግንባታ» ተብሎ ይጻፍና ገንዘቡ ለሻይ፣ ለዳቦና ለአበል ይሄዳል። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሃ ግብሩ ራሱ እኮ በግለ ግምገማ የባሰውን ችግር ለይታችሁ ቅደም ተከተል አውጡ ነው የሚለው፤ እኩል አካፍሉ የሚለውን ከየት አመጡት?

በዚህ ትምህርት ቤት የባሰው ችግር የተሰበረ ዴስክ ነው እንበል። 40 ዴስክ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ በአንዱ ሦስት ልጅ ቢቀመጥ 120 ልጅ በዚያ ብርድ ድንጋይ ላይ ነው ማለት ነው። ጣውላው ከግቢው ባሕር ዛፍ ይገኛል። ለመሰንጠቂያ፣ ለምስማርና ለአናጺ በዴስክ 500 ብር ቢያዝ 20,000 ብር ይሆናል። ከቀረው ለጠመኔና ለወረቀት 7,000፣ ለጣሪያ ጥገና 5,000፣ ዋጋ ቢንር ደግሞ 4,000 መጠባበቂያ። አበቃ። ሚዛናዊ አይደለም ከተባለ፣ አዎ፣ አይደለም።

ባሕር ዛፉ ግን እንደተቆረጠ አይመታም። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል፤ «ባለፈው ዓመት ጠግነን ነበር» የሚባለው ዴስክ ዘንድሮ ተመልሶ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፦ ኅዳር ላይ ቆርጦ መሰንጠቅ፣ ከዚያ በየመሐሉ እንጨት እየገባ ጥላ ሥር መደርደር፤ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ መጠገን።

ሌላው በሽታ የኅብረተሰቡ መዋጮ ነው። ወላጅ የሚያመጣው ድንጋይና ጉልበት በብር ተተምኖ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ይደመርና 36,000 ብር ያለው ትምህርት ቤት ወረቀት ላይ 80,000 ይኖረዋል። ምስማር በድንጋይ አይገዛም። ጥሬ ገንዘብና ዓይነት በየአምዳቸው ይጻፉ። መዋጮውንም እህል ሳይወቃ መስከረም ላይ መጠየቅ ቀልድ ነው፤ ጥር ላይ ይጠየቅ። ድጎማው ሊዘገይ ስለሚችል የመስከረም ጠመኔ ካምና ከተረፈው ብር ሐምሌ ላይ ይገዛ።

በእያንዳንዱ መስመር ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ወርና ኃላፊ ይግቡ። «40 ዴስክ፣ በ500 ብር» የሚለውን ሱፐርቫይዘሩ ሰኔ ላይ መጥቶ በጣቱ ይቆጥረዋል። «ግብዓት ማሟላት፣ 9,000» ከተባለ ግን ምኑን ሊቆጥር ነው?