ቡና እንኳ የማይጠይቁ እንግዶች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ፊቷ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። እንደማንኛውም ጨዋ ደንበኛ መጀመሪያ ኢንተርኔት የሚያቀርብልኝን ድርጅት ረገምሁ፤ ከዚያ ግን ራውተሩን ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን `192.168.1.1` በላፕቶፑ ብራውዘር ጻፍሁና የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፈትሁ። ቤታችን ውስጥ ያሉት ሦስት ስልኮች፣ ቴሌቪዥኑና ላፕቶፑ ተደምረው 5 ሲሆኑ ዝርዝሩ 13 ይላል። ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለኝ እስከዚያች ሌሊት አላውቅም ነበር።

የዋይፋይ እንግዳ እንዴት ያለ ትሑት ፍጡር ነው! ተራው እንግዳ ወንበር ይያዝልኝ፣ ቡና ይፈላልኝ ይላል። ይህኛው ግን በሩን አንኳኩቶ እንኳ ሳያስቸግር፣ ከግድግዳው ማዶ ተጋድሞ፣ የከፈልሁትን ፍጥነት ድምፁን አጥፍቶ ይጠጣልኛል።

ልዩ ምስጋና የሚገባው ግን ሲቋረጥበት ቅሬታ ይዞ የሚመጣው ዓይነት ጎረቤት ነው። ጤናችንን ይጠይቃል፣ ልጆቹን ይስማል፣ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ዋይፋያችን ምን ነካው?» ይላል። «ዋይፋያችሁ» ማለት ባዕድነት ይሆንበታል። ለእኛ በማሰብም ከፍ ወዳለው ጥቅል እንድናድግ ይመክረናል፤ መኝታ ቤቱ ድረስ በደንብ ስለማይደርስ ራውተሩን ከቡፌው ላይ አንሥተን እሱ ወዳለበት ግድግዳ ብናስጠጋው ሁላችንም እንደምንጠቀም ያስረዳል። ለበዓል አገር ቤት ስንሄድ ራውተሩን እንዳናጠፋ አደራ ይላል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ እስካሁን ባትሪ አለመግዛታችን ያሳዝነዋል፤ ልጆቻችን ማታ ማታ ካርቱን ማየታቸውም፣ ያው ለዓይናቸው ሲል፣ ያሳስበዋል።

ይህ ሁሉ በረከት ያለ ለጋስ ባለቤት አይገኝም፤ እኔም ለጋስ ነበርሁ። የይለፍ ቃሌ የስልክ ቁጥሬ ሲሆን፣ ያው ቁጥር «ያገለገለ የውኃ ታንከር ይሸጣል» ከሚል ወረቀት ጋር በሕንጻው በር ላይ ወር ሙሉ ተለጥፎ ከርሟል።

አሁን ግን ቀልዱ ይቅርና፣ እህቴ ዕረፍት የምታገኘው በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ያችን ምሽት ሰርቀዋታል። በእኔ መስመር የሚሠራ ጥፋት ቢኖር መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚችለውም ውሉን የፈረመው ሰው ነው። ስርቆት በስሙ ይጠራ።

ሆኖም ማንንም ከመወንጀሌ በፊት ዝርዝሩን አጣራሁ፤ የዛሬ ስልኮች ለየኔትወርኩ ራሳቸው የፈጠሩትን አድራሻ ስለሚሰጡ፣ ቴሌቪዥንም አንዳንዴ በማናውቀው አምራች ስም ስለሚመዘገብ፣ የገዛ ዕቃን ሌባ ማለት ቀላል ነው። የየስልኩን ዋይፋይ በተራ እያጠፋሁ ገጹን ባደስሁ ቁጥር ከዝርዝሩ አንድ ስም ይጎድላል። ቀደም ሲል ወጥተው ስማቸው ብቻ የቀረ እንዳይኖሩም በዚያች ቅጽበት የተገናኙትን ለይቼ ተመለከትሁ። ከላፕቶፑ በቀር የእኛ ሁሉ ጠፍቶ ስምንቱ ንቅንቅ አላሉም።

እነሱን አንድ በአንድ ማገድ ከንቱ ድካም ነው፤ የታገደ ስልክ አድራሻውን ቀይሮ ይመለሳል። የኔትወርኩን ስም መደበቅም ስሙን አስቀድሞ የያዘን ስልክ አያስቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ የራውተሩን የራሱን መግቢያ ቃል ቀየርሁ፤ ፋብሪካው የሰጠው `admin` እንዳለ ቢተው፣ በውስጥ የቀረ እንግዳ ገብቶ አዲሱን የዋይፋይ ቃል ሊያነበው ይችላል። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ሳይጽፉ በአጭር ቁጥር መገናኘት የሚያስችለውን WPS የሚባለውን አጠፋሁ፤ ባለ ስምንት አኃዝ ቁልፉን ራውተሩ ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጠው፣ ገምቶ ለማግኘት ቢበዛ 11,000 ያህል ሙከራ ይበቃል። በመጨረሻም ጥበቃውን WPA2 ላይ አድርጌ፣ ምንም የማይዛመዱ አራት ቃላትን በማገጣጠም ረጅም የይለፍ ቃል አወጣሁ። ለእውነተኛ እንግዳ ደግሞ ራውተሩ የሚፈቅደውን የእንግዳ ኔትወርክ ለብቻው ከፈትሁ፤ ዋናውን ቃል የተቀበለ ሰው ስልኩ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ኮድ አውጥቶ ለደረጃው ሁሉ ሊያድለው ይችላልና።

ዝርዝሩ ወዲያው ባዶ ሆነ፤ የቤታችን አምስቱም በአዲሱ ቃል አንድ በአንድ ተመለሱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

«ዋይፋያችን ፓስወርድ ጠየቀኝ እኮ!» አለ፣ ስልኩን እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ።

«ቡና ፈልቷል፣ ይግቡ» አልሁት።

«አይ፣ ላስቸግርዎት አልፈልግም» አለ። «ፓስወርዱን ብቻ ይንገሩኝ።»