ደሞዟ ሲጣራ

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሰሞኑን ኮምቦልቻ ካለ አንድ የልብስ ፋብሪካ «የጥራት ክፍል ኃላፊ ሁኚልን» የሚል ጥሪ መጣላት። ደሞዙ 40,000 ብር ነው። ወሬው ደሴ ደርሶ ቤተዘመዱን ለቡና ሰበሰበ።

አቦል ላይ ሁላችንም «ትምጣ» አልን። «አብሽሪ ልጄ! ሐረጎን ወርደሽ ሥራሽ፣ ማታ ወጥተሽ ቤትሽ» አለች አክስቴ በስልክ። አገር ናፈቀኝ የማይል ሰው የለም፣ በተለይ ካገር ወጥቶ የማያውቅ።

ቶና ላይ አጎቴ እስክሪብቶ አወጣ። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ግብር ያውቃል። «ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል» አለ። የሥራ ግብሩ 11,950 ብር ሆነ። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ይኸውም 2,800 ብር ሲወጣ፣ እጇ የሚገባው 25,250 ብር ነው። ቤቱ በአንዴ ቀዘቀዘ። «ልጅቷ አብዳለች እንዴ?» አለ ታናሽ ወንድሟ። ባጃጁ ግማሽ ዕዳው ገና አልተከፈለም።

እሷም የዋዛ አይደለችም። የዱባይ ሒሳቧን በድምፅ ላከችልን። ደሞዝ 4,000 ድርሃም። ለአልጋ 900፤ ክፍል አላልኩም፣ አልጋ ነው፤ ክፍሉን ከአምስት ሰው ጋር ትጋራለች። ለምግብ 700፣ ለመንገድና ለስልክ 400። «የቀረው 2,000 ነው። ከሱ 1,500ው የናንተ ነው። ለኔ 500 ይተርፈኛል። እናቴ ቤት ከኖርኩ ግን ከ25,250ው ግማሹን ባስቀምጥ ማን ይከለክለኛል?»

ማን እንደሚከለክላት እዚያው ተቀምጠን ነበር። የአጎቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የባጃጁ ዕዳ፣ የበዓል ቅርጫ፣ የእኔም አንዳንድ ነገር (ዝርዝሩን ልለፈው) ከዚያች 1,500 ነው የሚወጣው። ለእሷ ደሞዙ ሲጣራ ያን ያህል አልቀነሰም። የቀነሰው የእኛ ደሞዝ ነው።

በረካ ላይ አጎቴ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። «አላህ ኸይሩን ይምረጥልሽ! ያሰብሽው ይሳካ!» አሚን አልን። እጁን ፊቱ ላይ ሳያብስ ጨመረ፤ «ግን ኮንትራትሽን ጨርሺ።» አሚን አልን፣ ይሄኛውን ጮክ ብለን።

ልጅቷ ግን አዋጅ ታነባለች። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። እሷ ያላት የዓመት ፈቃድ አንድ ወር ነው። ቀሪውን ያለደሞዝ ፈቃድ ጠየቀች፣ አለቃዋም እሺ አላት። ሥራው ካልተመቻት ትመለሳለች። ይህን ለእናቷ ብቻ ነገረቻት። እናቷም ለእኔ ብቻ ነገረችኝ።

ትናንት አጎቴ የጫማ ቁጥሩን አስጽፎኛል። ታናሽ ወንድሟ ስልክ ብሏል፣ ከነቻርጀሩ። እኔ ሽቶ ብቻ ነው ያልኩት።