«ሲመችዎት» ትህትና አይደለም

«ኢሜይል ቁጣ እንዳይመስል ‹ከቻሉ›፣ ‹ሲመችዎት› ጣል ማድረግ ነው፤ በቃ።»

እዚህ ላይ ላርምዎት። እነዚህ ቃላት የሚያላሉት ጥያቄውን ነው። «ሲመችዎት» የተባለ ሰው ባይልክ አላጠፋም።

ሻካራነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ሪፖርቱን አልላኩም። ነገ ይላኩ» የሚለውን እንይ። «አልላኩም» ጣት ይቀስራል። ልከውት ሳይደርስ ቀርቶ ቢሆንስ? እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የጥቅምት ሪፖርት እስካሁን አልደረሰኝም። ሐሙስ ጠዋት ለኦዲተሮች ስለማስረክብ፣ ነገ ረቡዕ እስከ 10 ሰዓት እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። የጎደለ ቁጥር ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።»

ቀኑ አልተነካም፤ እንዲያውም ሰዓት ተጨመረበት። «አልደረሰኝም» የሚያወራው ስለ እኔ ነው፤ ማንንም አይከስም። ምክንያቱ ደግሞ ከጥያቄው ቀድሞ ስለገባ ትእዛዝ አይመስልም።