የዐረብኛ መድኃኒት ወረቀት ስትተረጉሙ ከቁጥሩ ጀምሩ

«የመድኃኒት ወረቀት እኮ ቁጥር ነው። ዐረብኛ የምትችል ልጅ ካለች በአምስት ደቂቃ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣ ትሰጥሃለች። ለዚህ ደግሞ ተርጓሚ ያስፈልጋል?»

አዎ፣ ያስፈልጋል። ልጅቷ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ ልትናገር ትችላለች፤ ለዚህ ሥራ ግን ያ ብቻ አይበቃም። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ሰው ላይ ጉዳት የምታደርሰው ስለ አወሳሰዱ የምትናገረው ጥቂት መስመር ናት። እዚያ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ብትጠፋ መጠኑ አሥር እጥፍ ይለወጣል።

ጉዳዩ ከኛ ቤት የራቀ አይደለም። ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ የልጆች ሽሮፕ አይጠፋም። ወረቀቱ ዐረብኛ ነው፣ እዚህ ያለው ፋርማሲስት ደግሞ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት መሀል ገብቶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዐረብ አገር ይዘውት የሄዱትን መድኃኒት ለሐኪም የሚያሳዩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ገልብጡት። የባሕረ ሰላጤው አገሮች መድኃኒት ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ዐረብኛ፣ በሌላው በኩል እንግሊዝኛ ታትሞበት ነው የሚመጣው። አምራቹ ራሱ የጻፈው እንግሊዝኛ ካለ ሌላ ትርጉም አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ሲጠፋና ዐረብኛው ገጽ ብቻ በስልክ ፎቶ ሲላክ ነው።

አንድ መድኃኒት ይዘን እንሂድ። ፓራሲታሞል፣ የልጆች ሽሮፕ። ዐረብኛው የሚለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አለ፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ሲያስፈልግ ይሰጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ መብለጥ የለበትም፤ ዕድሜው ከ3 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም። ይኼው ነው። አምስት ሐሳብ ነው፣ አምስቱም ላይ ይሳሳታሉ።

ከአኃዙ እንጀምር። ግብፅና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የራሳቸውን የቁጥር ምልክት ይጠቀማሉ። በዚያ አጻጻፍ አምስት ክብ ናት፤ የኛን ዜሮ ትመስላለች። ዜሮ ደግሞ ትንሽ ነጥብ ናት። እንግዲህ 50 ማለት አንዲት ክብና አንዲት ነጥብ ማለት ነው። ፎቶው ከደበዘዘ ነጥቧ ትጠፋና 50 የነበረው 5 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ጉድፍ ካረፈ ደግሞ 5 የነበረው 50 ይሆናል። የአስርዮሽ ምልክቱም ነጠላ ሰረዝ ስለሚመስል ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር የሚለው በችኮላ ሲገለበጥ 25 ሆኖ ይገኛል። ለአንድ ሕፃን 25 ሚሊ ሊትር!

እኔ የምመክረው ዐረፍተ ነገሩን ከመንካታችሁ በፊት ቁጥሮቹን ብቻ ከነመለኪያቸው በአንድ ወረቀት ላይ እንድትጽፉ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ዐረብኛውን ይያዝና ቁጥሩን በቃል ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እናንተ የጻፋችሁትን ተከታተሉ። በዓይን ብቻ ማመሳከር አያዛልቅም፤ ዓይን የጠበቀውን ነው የሚያየው። እንግሊዝኛውን ስትጽፉ ደግሞ ግማሽ ከሆነ 0.5 ብላችሁ ዜሮዋን ከፊት አስቀምጡ፣ አምስት ከሆነ ግን 5 ብቻ፤ 5.0 አይጻፍም፣ ነጥቧ ካልታየች 50 ትሆናለችና። የአሜሪካን ሆስፒታሎች የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 የተከለከሉ አጻጻፎች ዝርዝር ሲያወጣ ከፊት ዜሮ የሌላትን .5 እና ከኋላ ዜሮ ያላትን 5.0 ሁለቱንም አስገብቷቸዋል።

መለኪያው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚሊ ግራምና ማይክሮ ግራም በዐረብኛ ሲያጥሩ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፤ አንዱ መሀሉ ላይ ላም አለው፣ ሌላው ካፍ። በመጠን ግን የሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ፓራሲታሞል ላይ ይኼ አይገጥምም፣ እንደ ሌቮታይሮክሲን ያለ የእንቅርት መድኃኒት ላይ ግን በየቀኑ ይገጥማል። ክኒኑ 50 ማይክሮ ግራም ነው፤ 50 ሚሊ ግራም ብሎ የጻፈ ሰው በዓለም ላይ የሌለ ክኒን ጻፈ። ስለዚህ ማይክሮ ግራምን በእንግሊዝኛው በሙሉ ቃል ጻፉት፣ አታሳጥሩት።

ወደ ሽሮፑ ልመለስ። ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው። ዐረብኛው ሽሮፑን «ሸራብ»፣ ጠብታውን «ኑቀጥ» ይለዋል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ፈሳሽ መድኃኒት» ብሎ ካለፈ ምን እንደሚሆን እንይ። ልጁ 12 ኪሎ ነው እንበል። በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ስናሰላ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ ሲሰጥ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ለጨቅላ ሕፃናት የሚሸጠው ጠብታ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይችላል። ከዚህኛው የሚያስፈልገው 1.8 ሚሊ ሊትር ነው። እናቱ «7.5 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ሰምታ ከጠብታው ጠርሙስ ብትቀዳ ልጁ 750 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ከሚገባው አራት እጥፍ በላይ። ጠርሙሱም፣ ስሙም፣ ሥዕሉም ይመሳሰላል። ለዚህ ነው «በዚህን ያህል ሚሊ ሊትር ውስጥ ይህን ያህል ሚሊ ግራም» የምትለዋ መስመር ከትርጉሙ ፈጽሞ መቅረት የሌለባት።

በዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። ተርጓሚ አያሰላም። ወረቀቱ ሚሊ ግራም ካለ ሚሊ ግራም፣ ሚሊ ሊትር ካለ ሚሊ ሊትር ይጻፍ። «ሚልዓቃ ሰጊራ» ካለም ትንሽ ማንኪያ ይባል፤ ዐረብኛው 5 ሚሊ ሊትር ብሎ አጠገቡ ካላስቀመጠ እናንተ ከኪሳችሁ አትጨምሩ። የቤት ማንኪያ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ማሳሰብ ካማራችሁ ከትርጉሙ ውጭ፣ የተርጓሚ ማስታወሻ ብላችሁ ጻፉ። ስሌቱን ፋርማሲስቱ የልጁን ክብደት መዝኖ ይሥራው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር አለ። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን «በቀን ሦስት ጊዜ» ብሎ ያሳጥረዋል። ለሰሚ አንድ ይመስላል። በቀን ሦስት ጊዜ የተባለ ሰው ግን ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ ወስዶ ሌሊቱን በሙሉ ይተወዋል። ለአንዳንድ መድኃኒት ግድ የለም፣ ለአንዳንዱ ግን ክፍተቱ ራሱ ሕክምና ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ መወሰን የተርጓሚ ሥራ አይደለም፤ እንዳለ አስቀምጡት።

ዐረብኛው «ላ ተቂሉ ዓን» ካለ «ከዚህ አያንስም» ማለቱ ነው፣ «ላ ተዚዱ ዓን» ካለ ደግሞ «ከዚህ አይበልጥም»። በሁለት መጠኖች መካከል ከ4 ሰዓት የማያንስ ጊዜ ይኑር የሚለውን ሰው ቸኩሎ ሲያነብ «ከ4 ሰዓት ያነሰ» አድርጎት ያርፋል። አሉታው ተዘሎ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድም በኮምፒውተር ሲቀዳ «4-6» የነበረው «6-4» ሆኖ ይወጣል። ትልቁ ቁጥር ከፊት ከመጣ ቆም ብላችሁ ዋናውን ወረቀት እዩ።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት አይበልጥም የምትለዋን ደግሞ «ተደጋጋሚ ናት» ብሎ የሚተዋት አለ። ትርፍ አይደለችም። በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ይሰጣል። ለ12 ኪሎው ልጅ ስድስት ጊዜ 180፣ 1,080 ሚሊ ግራም ነው፤ በኪሎ 90። የብዙ መመሪያዎች የቀን ጣሪያ ግን በኪሎ 60 ወይም 75 ሚሊ ግራም ነው። ያቺ አንድ መስመር ቀርታ ልጁ ትኩሳት ባለበት ሦስት አራት ቀን ይህን ያህል ከወሰደ ጉበቱ አደጋ ላይ ነው። ክፋቱ ደግሞ የጉበቱ ጉዳት ቶሎ አይታይም፤ መጀመሪያ ልጁ ደህና ሊመስል ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን በደንብ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ለወሰደ ሰው በ8 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ስለዚህ መብዛቱ ከታወቀ ምልክት አይጠበቅም፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው የሚሮጠው።

የፋርማሲ ተለጣፊ ላይ «ጠዋት 8» ተብሎ ከተጻፈ እንግሊዝኛው 8 ነው። ወደ አማርኛ ሲነገር ግን 2 ሰዓት ነው። ይቺን የሚረሳ ብዙ ሰው አለ።

ማስጠንቀቂያ ላይ የማየው ችግር ማለስለስ ነው። ዐረብኛው ደረጃ አለው፤ «ዩምነዕ» ካለ ይከለከላል፣ «ላ ዩንሰሕ» ካለ አይመከርም፣ «ቢሐዘር» ካለ በጥንቃቄ ይወሰድ ነው። ሦስቱንም «ሐኪምዎን ያማክሩ» በሚል አንድ እንግሊዝኛ የሚያልፍ ተርጓሚ አለ። ለነፍሰ ጡር የተከለከለ መድኃኒት በዚህ መንገድ «ብታማክሪ ጥሩ ነው» ሆኖ ይደርሳታል። በተቃራኒውም አለ። «ኢላ» የምትለዋ የ«በስተቀር» ቃል ራቅ ብላ ትመጣና ትዘለላለች፤ ከ3 ወር በታች ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም የሚለው ጭራሽ አይሰጥም ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘለት ሕፃን መድኃኒቱን ያጣል።

ስሙንም ተመልከቱ። አሜሪካ ላለ ሐኪም የሚላክ ከሆነ እዚያ ፓራሲታሞል የሚባለው አሴታሚኖፌን ነው። የተጻፈውን ስም አስቀምጣችሁ ሌላውን ስም በማስታወሻ ጨምሩ። ያለዚያ ወላጅ የጉንፋን ሽሮፕ ሌላ መድኃኒት መስሎት በላዩ ላይ ይጨምራል፣ ውስጡ ያው ፓራሲታሞል ሆኖ ሳለ።

የማይነበብ ቦታ ካለ «አይነበብም» ብላችሁ ጻፉ። መገመት የለም። ፋርማሲስቶችም ብትሆኑ እንግሊዝኛውን ብቻ አትቀበሉ፤ የሳጥኑን ፎቶ በሁሉም ጎኑ፣ የጠርሙሱን መጠንና የዐረብኛውን ገጽ አብራችሁ ጠይቁ።