«ምክንያት፦ ክፍያ»

ኧረ በሕግ አምላክ! ስድስት ሺህ ብር ሊሞላ ምንም ለማይቀረው ጉድለት ሦስት ቀን ከባሕር ዳር ጫፍ እስከ ጫፍ ተንከራተትኩ።

ነገሩ የ2016 ነው። ጣና ዳር ያለች አንዲት ሎጅ ቀለም ቀባን። እርጥበቱ የድሮውን ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጦት ስለነበር፣ ፍቀን፣ ስቱኮ መትተን፣ ሁለት እጅ ቀባን። ዋጋው ያለ ቫት 240,000 ብር ነው። ቫቱ 15 በመቶ፣ 36,000። ደረሰኝ ስቆርጥ ጠቅላላው 276,000 ሆነ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ስልኬ ጢን አለ። «ወደ ሂሳብዎ 270,480.00 ብር ገቢ ሆኗል። ምክንያት፦ ክፍያ።»

ክፍያ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ! 5,520ው የት ሄደ? የባንክ ኮሚሽን ነው? ለዋስትና ያዙብኝ? ወይስ ያ በረንዳ ላይ የተንጠባጠበው ቀለም ተቆርጦብኝ ነው? ልጆቹ ደግሞ የሳምንት ሒሳባቸውን እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

መጀመሪያ ባንክ ሄድኩ። የባንኩ ልጅ በትህትና አስረዳኝ፤ እነሱ ጋ የደረሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከፋዩ ላክ ያላቸውን ልከዋል። ከምን ላይ ምን እንደተቆረጠ ሊያውቁ አይችሉም። እውነቱን ነው። እኔ ግን ግማሽ ቀን ወረፋ ይዤ ነው ይህን ያወቅኩት።

ከዚያ ባጃጅ ይዤ ወደ ሎጇ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ ግብር ተቆርጦ ነዋ» አለችኝ።

«ስንት?»

«ሁለት ፐርሰንት።»

ያኔ ከፋዩ ከክፍያዬ ላይ ቀድሞ የሚይዘው ተቀናሽ ግብር፣ ዊዝሆልዲንጉ፣ በገቢ ግብር አዋጅ 979 መሠረት 2 በመቶ ነበር። አሁን 3 ገብቷል። የ240,000 ሁለት በመቶ ግን 4,800 ነው፤ 5,520 አይደለም። ልጅቷ ካልኩሌተሯን ሦስቴ ደበደበችና «ልክ ነው» አለች። እኔም ተጠራጠርኩ። ማታ ቤት ገብቼ በእስክሪብቶ ተያያዝኩት። የጎደለውን 5,520 ለ240,000 ሳካፍለው 2.3 በመቶ መጣ። እንዲህ ያለ ግብር የለም። ለ276,000 ሳካፍለው ግን ልክ 2 በመቶ! ቫቱ ላይ ጭምር ቆርጣለች ማለት ነው። ተቀናሹ የሚሰላው ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ነው። ቫቱ እኮ የኔ ገቢ አይደለም፤ ለመንግሥት የማደርሰው አደራ ነው። በአሁኑ 3 በመቶ ደግሞ የጎደለውን ከቫት በፊት ላለው ዋጋ ስታካፍሉ 3.45 በመቶ ከወጣላችሁ፣ ያው በሽታ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ የተቀናሽ ደረሰኙን ጠየቅኩ። ወረቀቱን የምታዘጋጀው ሌላ ልጅ ናት፤ ከውሉ አይታ በትክክል 4,800 ጽፋለች። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ይህ ደረሰኝ ዓመታዊ ግብሬን ሳስታውቅ ቀድሞ እንደተከፈለ የሚታሰብልኝ ነው። ከኪሴ የሄደው 5,520፣ የሚታሰብልኝ 4,800። 720 ብሯ ገቢዎች ጋ የለችም፣ እኔ ጋ የለችም። ጣና ገባች?

የሚያናድደኝ ስህተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። የሚያናድደኝ ከፋዩ ብሩን ሲልክ ይህቺን ብቻ በቴሌግራም ቢጽፍልኝ የሚያልቅ ነገር መሆኑ ነው፦

```
የሥራ ዋጋ (ያለ ቫት)     240,000.00
ቫት 15%               36,000.00
ጠቅላላ                276,000.00
ተቀናሽ ግብር 2% (ከ240,000.00)  -4,800.00
የተላከ                271,200.00
የተቀናሽ ደረሰኝ ቁጥር      ______
```

«ከ240,000.00» የምትለዋን እዩልኝ። ተቀናሹ ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደታሰበ ካልተጻፈ፣ መቶኛው ብቻውን ምንም አይነግረኝም። «ጠቅላላ» የሚሉትም ነገር እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቫትን ጨምሮ ይላል፣ ሌላው ሳይጨምር። የደረሰኙ ቁጥር ደግሞ ከብሩ ጋር አብሮ ካልመጣ ወረቀቱ ወራት ይቆያል። የደረጃ «ሀ» ሰው ጥቅምት 30 ሲደርስ ነው መሳቢያ ሲበረብር የሚያድረው። እኔ አንድ ዓመት እንዲህ ሁለት ደረሰኝ ጠፍቶብኝ አንድ ግብር ሁለቴ ከፍያለሁ። እሱን ሌላ ቀን።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ አመነች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ክፉ ሰው አይደለችም። እንዲያውም አሳ ካልበላህ አትሄድም አለችኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ስልኬ ጢን አለ።

«ወደ ሂሳብዎ 720.00 ብር ገቢ ሆኗል። ምክንያት፦ ክፍያ።»