በገዛ ካልኩሌተሬ ተሸነፍኩ

ሰላም እንኳን አትበሉኝ። አሁን ገና ነው የገባሁት። ጫማዬን አላወለቅሁም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና አለብኝ፤ ይሄን ሳልተነፍስ ብተኛ ግን እፈነዳለሁ።

ፕሮፌሰርን ታውቁታላችሁ። አዎ ያው እሱ፣ ባለፈው ሴሚስተር የላብ ሪፖርቴን ገልብጦ ከኔ በላይ ያገኘው። "እኛ ጋ ና አብረን እናጥና፣ ማዘር ሽሮ ሠርታለች" አለኝ። በሽሮ ተሸነገልኩ። "ካልኩሌተርህን ይዘህ ና" ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ፤ አልነቃሁም።

ሽሮው አልቆ የድሮ ፈተና ማገላበጥ ጀመርን። አንዷ ጥያቄ፦ ሙቀት በማያስገባና በማያስወጣ ወጥ ቤት ውስጥ እየሠራ ያለ ፍሪጅ በሩ ተከፍቶ ቢቀር፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል?

"ይቀዘቅዛላ! ይሄም ጥያቄ ሆኖ?" አልኩ። እግሬን አጣጥፌ ነው ያልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ሲያወልቅ ነገር አለ ማለት ነው።

"ለምን ይቀዘቅዛል?"

"ከፍሪጅ ብርድ ነው የሚወጣው፣ ሽሮ ይወጣል እንዴ?"

"ብርድ የሚባል የሚወጣ ነገር የለም፣ ወንድሜ። የሚወጣው ሙቀት ነው። የፍሪጅ ጀርባ ነክተህ ታውቃለህ?"

ይቺን "ወንድሜ" ስሙልኝ። የሰፈር ሽማግሌ ልጅ ሲመክር የሚላት ዓይነት ወንድሜ! እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ "እንሞክረው" ብዬ ተነሳሁና በሩን በርግጄ ከፈትኩት። ቀዝቃዛው አየር እግሬ ላይ ፈሰሰ። "ያው! እግሬ ቀዘቀዘ!" ብዬ ጮህኩ። ለደቂቃ ያህል አሸንፌ ነበር። ሕይወቴ እንደዚህ ናት፣ ለደቂቃ ነው የማሸንፈው።

"እሱ የትናንት ቁጠባ ነው" አለኝ። "ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተንጣለለ እንጂ አዲስ ነገር አልመጣም። ያንን አየርና ያንን ወተት ለማቀዝቀዝ የወጣው ሙቀት ትናንትና ዛሬ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ተደፍቷል። ቁጠባው ሲያልቅስ?" ከዚያ እጄን ይዞ፣ እንደ ሕፃን፣ ከኋላ ያለውን ጥቁር ሽቦ አስነካኝ። ይሞቃል። ዝም አልኩ።

"ከሳሎን ውኃ እየቀዳህ ወጥ ቤት ብትደፋ ቤቱ ደረቀ ትላለህ? በዚያ ላይ ስትመላለስ ላብህ ይንጠባጠባል። ያቺ ላብ የኮምፕረሰሩ ሙቀት ናት።" እውነት ለመናገር ጥሩ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ቁጥሩንም ልንገራችሁ፣ ብቻዬን አልቃጠልም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 120 ዋት ይላል፣ በሴኮንድ 120 ጁል ማለት ነው። ፍሪጁ በሴኮንድ ከውስጥ 240 ጁል ሙቀት ይቀዳል እንበል። ከኋላ የሚደፋው ግን 240 አይደለም፣ 360 ነው። ከመብራት የወሰዳት 120ም እዚያው ሙቀት ሆና ትወጣለች። በሩ ሲከፈት "ውስጥ" እና "ውጭ" የሚባል የለም፣ ሁሉም ያው ወጥ ቤት ነው። 240 ወጣ፣ 360 ገባ፤ ክፍሉ በሴኮንድ 120 ጁል እየጨመረ ይሄዳል። በቃ ይሄው ነው። ለዚህች መቀነስ ነው የተዋረድኩት።

እኔ ግን ዝም ብዬ የምሞት ሰው ነኝ? "ታዲያ ኤሲ እንዴት ያቀዘቅዛል?" አልኩት።

"የኤሲ ጀርባ የት ነው ያለው?"

"...ውጭ።"

"ቀጥል።"

ቀጥል ይለኛል! የታክሲ ረዳት እንኳን እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። (ዛሬ ጠዋት ረዳቱ መልሴን ሳይሰጠኝ "ውረድ ወራጅ አለ" ብሎኛል፣ እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) እሺ፣ የፍሪጁን ጀርባ ግድግዳ ቀዶ ወደ ውጭ ላወጣ ሰው ወጥ ቤቱ ይቀዘቅዝለታል። ገብቶኛል።

ከዚያ ካልኩሌተሬን፣ የኔን ካልኩሌተር፣ አነሳ። ወጥ ቤቱ 3 በ3፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር፤ ወደ 24 ሜትር ኩብ አየር። በአንድ ሰዓት የሚገባው ሙቀት 432 ኪሎጁል። አንድ ኪሎ አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ነው ብሎ ሲያባዛ ያዝኩት! "ቁም! እሱ የባሕር ጠረፍ ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ወደ 0.9 ነው" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ።

ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው! በሱ ቁጥር 15 ዲግሪ ይሞቅ የነበረው ክፍል በኔ እርማት 20 ገባ። አየሩ ከቀለለ ቶሎ ይሞቃላ። ራሴን በራሴ አቃጠልኩ።

"በሰዓት 20 ዲግሪ? ይሄ ወጥ ቤት ነው ሳውና?" ብዬ የመጨረሻ ጥይቴን ተኮስኩ። "ጥያቄው ሙቀት አይወጣም ስላለ ነው፣ አየሩን ብቻም ነው ያሰብነው" አለ። "እዚህ ግድግዳውና ወለሉ ይጠጡታል፣ በበሩም በመስኮቱም ይሾልካል፤ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ሳውና አይሆንም።" ለዚህም መልስ አለው። ሰው እንዴት ለሁሉም መልስ ይኖረዋል?

በዚህ መሃል ማዘር ገባች። ፍሪጁ ተበርግዷል፣ ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ያጓራል። ለካ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ነው አረፍ የሚለው፤ በሩ ክፍት ከሆነ መቼም ስለማይጠግብ አያቆምም።

"ምን እያደረጋችሁ ነው እናንተ?! ካርድ የሞላሁት ትናንት ነው!"

"ጥናት ነው፣ ማዘር" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። "በሩ ክፍት ቢሆን ወጥ ቤቱ ይቀዘቅዛል ወይ እያልን..."

እንዴት እንዳየችኝ ብታዩ። "አንተ ልጅ፣ ሲበርድ ሊጤን የት ነው የማስቀምጠው? ፍሪጁ ጎን አይደል? የማይሞቅ ነገር ሊጥ ያቦካል?"

ፕሮፌሰር መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። ሦስት ዓመት ተምሬ በሊጥ ተረታሁ። ቴርሞዳይናሚክስ አንደኛ ሕግ፣ ቡሃቃ።

ልትዘጋው እጇን ስትዘረጋ መብራት ድርግም። ጨለማ። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ የዚያ ሰው ድምፅ መጣ፦

"አሁን ግን ልክ ነህ። መብራት ከሌለ 120ዋ የለችም፣ ከኋላም የሚደፋ የለም። ክፍት ቢሆን ወጥ ቤቱ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ወተቱ እስኪሞቅ ድረስ።"

ልክ የምሆነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ማለት ነው። እሺ። ተቀብያለሁ። ማዘር "ወተቴ!" ብላ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው፣ እኔም ደረጃውን በስልክ መብራት አራት ፎቅ ወረድኩ።

አሁን ቦርሳዬን ሳየው ካልኩሌተሬ የለም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ 20 ዲግሪ እንዳለ ቀርቷል። ፈተናው ደግሞ ያለ ካልኩሌተር አይሠራም። አልደውልለትም። ቢገድሉኝ አልደውልለትም።

ትርፍ ካልኩሌተር ያለው ሰው በውስጥ ያናግረኝ።