የኮድ ሰጪዎች ስምምነት የጥናት ጥብቅነት አይደለም

«ሁለት ሰዎች ለየብቻ ኮድ ሰጥተው መስማማታቸው በካፓ ቁጥር ካልታየ፣ ይህ ጥናት አስተማማኝ ሊባል አይችልም።»

ይህን ያሉት ፈታኝ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚያስታምሙ ቤተሰቦችን አነጋግራ የማስተርስ ጽሑፏን ካቀረበችው ተማሪ ቃለ መጠይቆች አንዱን እንኳ ገልጠው አልጠየቁም። ያናደደኝ ይህ ነው። ተማሪዋ የተከተለችው ተመራማሪዎቹ ብራውንና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁትን የጭብጥ ትንተና ሲሆን፣ ሁለቱ ራሳቸው የስምምነት ቁጥር ለዚህ መንገድ እንደማይስማማ ደጋግመው ጽፈዋል።

ኮድ መስጠት ለቃለ መጠይቁ ንግግሮች ፍቺያቸውን የሚጠቁም አጭር መጠሪያ ማውጣት ነው፤ ካፓ የሚለካው ደግሞ ሁለት አንባቢዎች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ምን ያህል እንደተስማሙ ነው፤ ንባባቸው ትክክል ስለመሆኑ የሚለው የለም። አንዲት እናት «በሩን የምቆልፈው ለጎረቤት ብዬ ነው» ብትል፣ ሁለት ጥድፊያ ላይ ያሉ ኮድ ሰጪዎች «መገለል» ብለው ጽፈው ፍጹም ይስማማሉ። ቁጥሩ ያምራል፤ የእናትየዋ ነገር ግን አልተነካም። ልጇ ጎረቤት እንዳይጎዳ ሰግታ ይሆን፣ ወይስ ጎረቤት እንዳያይባት እየሸሸገችው? አንባቢዎቹ እዚህ ላይ ቢለያዩ ልዩነታቸው ወደ ድምፅ ቅጂው የሚመልስ ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። ቃሉ አስቀድሞ ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመ ደግሞ ተርጓሚው አንዱን ፍቺ መርጦ ሊያልፍ ስለሚችል ጥያቄው ራሱ ይጠፋል፤ ኮድ መሰጠት ያለበት በአማርኛው ላይ ነው።

ቅጂው መሸሸጉን ካሳየ፣ ኮዱ ለቃሏ ቀርቦ «ከሰው ዓይን ለመሸሸግ በር መቆለፍ» ይባላል፤ ምክንያቱም ከነቀኑ በማስታወሻ ይሰፍራል። ከዚያ ተመሳሳይ ኮዶች ከሌሎች ቃለ መጠይቆች ይሰበሰባሉ። አንድ አባት «ጎረቤቶቼ ስለሚጠብቁልኝ ቆልፌ አላውቅም» ቢል፣ ይህ ቃል የሚጣል ሳይሆን ትንተናውን የሚያርም ነው። «መገለል» የርእስ ስም ብቻ ነበር፤ አሁን «አስታማሚው ጎረቤቱን ባመነ መጠን በሩ ይከፈታል» የሚል ጭብጥ ይወጣል። ይህም በሁሉም ቃለ መጠይቆች ላይ እንደገና ይፈተናል፤ ያልያዘበት ቦታ ካለ ይሻሻላል ወይም ለሁለት ይከፈላል።

የኮድ መዝገቡ አስቀድሞ ተወስኖ ሥራው ለብዙ ኮድ ሰጪዎች ሲከፋፈል ካፓ ቦታ አለው። ከዚያ ውጭ በዚህ ቁጥር ጥናትን መጣል፣ ጽሑፉን ሳያነቡ መፍረድ ነው።

ፈታኙ መጠየቅ የነበረባቸው ጭብጡ ከየትኞቹ ቃለ መጠይቆች እንደወጣ፣ የትኛው እንደተቃወመውና ኮዱ መቼና ለምን እንደተቀየረ ነበር። ተማሪዋ ሕሙማኑ በሚታከሙበት ክሊኒክ ነርስ ስለሆነች፣ አስታማሚዎቹ መድኃኒት አስቁመው ጠበል መውሰዳቸውን ደብቀዋት እንደሆነም መጠየቅ ይገባቸው ነበር። የእነዚህ ሁሉ መልስ ቀን በቀን የተጻፈበት ደብተር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የከፈተው ግን አልነበረም።